ከየቤቱ ሁለት የጫማ ካርቶን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ሲከፍት፣ ባቢሌ ውስጥ ምን እንዳመጣ እኛ ራሳችን ምስክሮች ነን። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ አንዱ ልጅ በአማርኛ፣ ጎረቤቱ በአፋን ኦሮሞ፣ የማዶው ልጅ ደግሞ በሶማሊኛ ማንበብ ተማረ። በብዙ ቤት እናቶቻችን ፊደል አልቆጠሩም፤ የቆጠሩትም ቢሆኑ እኛን ባባበሉበት ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ በእጃቸው አልነበረም። እኛ ግን ልጆቻችንን በምናጫውትበት ቋንቋ ማንበብ እንችላለን። ዛሬ ከሃያዎቹ መጨረሻ እስከ አርባዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ያለነው የባቢሌ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ይህን ችሎታ ያገኘነው ሳንከፍልበት ነው። አሁን ዕዳችንን የምንከፍልበት ጊዜ ደርሷል። የምንከፍለውም ድክ ድክ ለሚሉት፣ ገና አንድ ዓመት ሞልቷቸው ሦስት ላልደፈኑት ነው።

ለምን ለእነሱ እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የልጅና የመጽሐፍ ትውውቅ የሚጀመረው መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ልጅ «ይቀደዋል» ተብሎ መጽሐፍ ይሸሸግበታል። መቅደዱ እውነት ነው፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ነገር ግን ልጅ ቃል እንደ ጉድ የሚለቅመው ልክ በዚህ መጽሐፍ በምንሸሽግበት ዕድሜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ኋይትኸርስት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ያደረጉት ጥናት አለ። ከ21 እስከ 35 ወር ዕድሜ ያላቸው ሠላሳ ገደማ ልጆች ነበሩበት፤ በሁለት ወገን ተከፈሉ። በሁለቱም ወገን ያሉት ወላጆች ለልጆቻቸው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ቤታቸው ውስጥ ያነቡ ነበር። የአንዱ ወገን ወላጆች እንደ ልማዳቸው እንዲያነቡ ተተዉ። የሌላው ወገን ወላጆች ግን አነባበባቸውን እንዲለውጡ ሠለጠኑ፤ ማውራቱን ለልጁ መተው፣ «ይሄ ምንድን ነው?» «ምን እያደረገ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ልጁ ያለውን ተቀብሎ ትንሽ ቃል መጨመር። ከአንድ ወር በኋላ ልጆቹ ሲፈተኑ፣ በአንደኛው የንግግር ችሎታ መለኪያ የሠለጠኑት ወላጆች ልጆች በስምንት ወር ተኩል፣ በሌላኛው በስድስት ወር ቀድመው ተገኙ። በሁለቱም ቤት ይነበብ ስለነበር ልዩነቱን ያመጣው ማን እንደሚናገር ነው።

እነዚያ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ቤተሰቦች ናቸው፤ ለእኛ አይሆንም ሊባል ይችላል። ለዚህ ደግሞ ካዬሊትሻ መልስ ይሰጣል። ካዬሊትሻ በኬፕታውን ዳርቻ ያለ የድሆች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ላይ ከ14 እስከ 16 ወር የሆናቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉ 91 ሰዎች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ለስምንት ሳምንት በትንንሽ ቡድን ሆነው ከሕፃን ጋር መጽሐፍ መጋራትን ተማሩ። የእነዚህ ሕፃናት ቃል የመረዳት አቅምና በአንድ ነገር ላይ የመቆየት ትኩረታቸው ካልሠለጠኑት ልጆች ይልቅ ጎልብቶ ታየ።

ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» ሳይባል አይቀጥልም፤ «ተረት ተረት» ተብሎም «የላም በረት» ሳይሰማ ታሪኩ አይጀመርም። በሶማሊኛም ተረት ነጋሪው «ሼኮ ሼኮ» ሲል አድማጮቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሳሉ። አያቶቻችን መልስ ሳያገኙ አያወሩም ነበር። እኛ ግን መጽሐፍ ስንይዝ አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ ያነበበልን ዓይነት ንባብ ይመጣብናል፤ ልጁ ዝም ይላል፣ ትልቁ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። የምለምናችሁ የአያቶቻችንን ልማድ መጽሐፉ ላይ እንድትመልሱት ነው።

አሁን ወደ መቅደዱ። የአሥር ወር ሕፃን መጽሐፍ ስትሰጡት ሥዕሉን በጣቶቹ ለማንሳት ይሞክራል፤ ይቧጭረዋል፣ ይቆነጥረዋል። ጁዲ ዴሎች የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የዘጠኝ ወር ሕፃናት በአሜሪካም ሆነ በአይቮሪኮስት የቤንግ መንደሮች ይህንኑ ሲያደርጉ አይተዋል። ሥዕሉ ነገሩ ራሱ እንዳልሆነ የሚገባቸው ቀስ በቀስ ነው፤ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ሲጠጉ መቆንጠጡ ይቀርና በጣት መጠቆም ይመጣል። ስለዚህ የሚቧጭረው ልጅ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ሥዕል ምን እንደሆነ እየተማረ ነው፤ ይህን ትምህርቱን እስኪጨርስ የሚችለው መጽሐፍ ያስፈልገዋል። በሱቅ የምናገኛቸው የልጆች መጻሕፍት አብዛኞቹ ሁለት ሽቦ መሐላቸው የተመታባቸው ስስ ወረቀቶች ናቸው። ወረቀቱ ከሽቦው ላይ ይገነጠላል፣ ሽቦው ይወልቃል፣ የወለቀው ሽቦ አፍ ይገባል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባለ ሽቦ መጽሐፍ አትስጡ።

ጅግጅጋ ወይም ሐረር፣ ወይም ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ገጹ ወፍራም የሆነ መጽሐፍ ካገኛችሁ ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ መሐሉን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ጠፍጣፋ አስቀምጡት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ከታየ ከሳምንት አያልፍም። ሁለተኛ፣ የገጹን ጠርዝ በጥፍር ጫሩት፤ ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ከተላጠ ምራቅ ሲነካው ያብጣል። ሦስተኛ፣ ጣታችሁን አርጥባችሁ ሥዕሉን አሹት፤ ቀለሙ ጣታችሁ ላይ ከመጣ ልጁ አፍ ውስጥም ይመጣል። ማዕዘኖቹ የተከረከሙ፣ ልጁ በሁለት እጁ የሚይዘው፣ ስፋቱ አሥራ አምስት ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ይበቃል። የሚነሳ ክዳንና የሚጎተት ምላስ ያለበትን አትመኙ። ልጅ ክዳኑን በመክፈትና በመዝጋት ይጠመዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናትም ልጆች ከእንዲህ ዓይነቱ ይልቅ ከተራው መጽሐፍ የበለጠ እንደሚማሩ አሳይቷል።

ካላገኛችሁ፣ አብዛኞቻችሁም አታገኙም፣ እንሥራው። ሁለት የጫማ ካርቶን በቂ ነው። የጫማ ካርቶን የምመርጠው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነው፤ የፓስታና የዘይት ካርቶን መሐሉ ሞገድ ያለበት ባዶ ስለሆነ ልጅ ሲያኝከው ይረግፋል፣ ምራቅም ይመጥጣል። የጫማውም ቢሆን መሐሉ ሞገድ ካለበት ተዉት። ከአንዱ ካርቶን ታችና ከክዳኑ በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ካሬ አራት ቁራጭ ይወጣል፤ ከሁለቱ ስምንት። ሁለት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አጣብቁ፤ አራት ጠንካራ ቅጠል፣ ስምንት ገጽ አገኛችሁ ማለት ነው።

ማጣበቂያው ከዱቄት ይሁን፤ አፍ ቢገባ አይጎዳም። አንድ ስኒ ዱቄት በአምስት ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ፣ እያማሰላችሁ እስኪወፍር አብስሉትና አቀዝቅዙት። በስሱ ቀቡት፤ ሲበዛ ካርቶኑን ያረጥበዋል። ሥዕል በአንድ በኩል ብቻ ከለጠፋችሁ ወረቀቱ ሲደርቅ ካርቶኑን ወደ ራሱ ስቦ ያጎብጠዋል፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ለጥፉ። የባቢሌ ፀሐይ ቶሎ ታደርቃለች ብላችሁ ውጭ አታስጡት፤ ይንሻፈፋል። በጨርቅ መሐል ከባድ ነገር ተጭኖበት ጥላ ውስጥ ይደር። ሲደርቅ ማዕዘኑን በመቀስ አክብቡና ፊቱንም ጠርዙንም በስኮች ሸፍኑ። ጠርዙን አትርሱ፤ ውሃ የሚገባው በእሱ ነው፣ በረሮና አይጥም ዱቄቱን ሽተው የሚመጡት በእሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲያያይዝ ነው። አራቱን ቅጠሎች በአንድ መስመር ወለል ላይ ደርድሩ፤ በየመሐላቸው የሁለት ቅጠል ውፍረት የሚያህል ክፍተት ተዉ፤ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ። በክፍተቱ ላይ የጨርቅ ቁራጭ በፊትም በኋላም ለጥፋችሁ በስኮች አጽኑት። ክፍተት ካልተዋችሁ መጽሐፉ አይታጠፍም፤ ልጁ በኃይል ሲዘጋው ጨርቁ ይገነጠላል። በልክ ከተሠራ ዚግዛግ እየሆነ ይታጠፋል፣ ወለል ላይ ዘርግታችሁም ታቆሙታላችሁ።

ሥዕሉስ? በአንድ ገጽ አንድ ነገር፣ ዙሪያው ባዶ። ልጁ ቤትና ደጅ የሚያውቃቸውን አስቀድሙ፦ ጀበና፣ ጫማ፣ ፍየል፣ ግመል፣ ባጃጅ። አንዱ ገጽ ላይ የአያቱ ፊት ይሁን። አንዱ ላይ ደግሞ ገና ያላየው፣ ግን የአገሩ የሆነ ነገር ይግባ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የዝሆን መጠለያ የባቢሌን ስም ይዞ ሳለ የባቢሌ ልጅ ዝሆንን ከካርቱን ብቻ ሊያውቀው አይገባም። መሳል የምትችሉ ሳሉ፤ ፎቶ ቤት የታተመ ፎቶም ጥሩ ነው። በተራ የቀለም ማተሚያ የወጣ ከሆነ በእርጥብ ጣት ፈትኑት። አንድ ነገር አደራ፦ የከተማችን ኩራት ኦቾሎኒ ነው፣ ገጹ ላይ ለማሳየት ግን እውነተኛ ፍሬ አትለጥፉ። አዝራር፣ ጥራጥሬ፣ ዶቃም እንዲሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ያንቃል። ኦቾሎኒ ሳሉት።

አሁን መጽሐፉ ተሠርቷል፤ እንበል ልጅቷ ሃያ ሁለት ወሯ ነው። ጭናችሁ ላይ አስቀምጧት፣ መጽሐፉን እሷ ትያዘው፣ ገጹንም እሷ ትግለጥ። ከኋላ ብትጀምር ተዉአት። ዝሆኑ ጋ ደርሳ ጣቷን ኩምቢው ላይ አሳረፈች። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «ይሄ ዝሆን ነው፣ ዝሆን በይ!» እንላለን። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ኩምቢው ነው። «ኩምቢ» በሏት፤ ከዚያ ዝም። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታው ለእናንተ ረጅም ነው፣ ለእሷ ግን ቃሉን ፈልጋ አፏ ላይ የምታመጣበት ጊዜ ነው። «ኩቢ» አለች። «አይደለም» አትበሉ። «አዎ፣ ኩምቢ! ረጅም ኩምቢ» በሉ። ያለችውን ተቀበላችሁ፣ አስተካክላችሁ መለሳችሁላት፣ አንድ ቃል ጨመራችሁ። «ረጅም ኩምቢ» ብላ ከደገመች እሰየው፤ ካልደገመች ገጹን ትለፍ።

ከቀናት በኋላ ኩምቢውን ስታውቀው ጥያቄውን ከፍ አድርጉት፦ «በኩምቢው ምን ያደርጋል?» «ውሃ» ልትል ትችላለች። «ውሃ ይቀዳል። በኩምቢው ውሃ ይቀዳል።» ያወቀችውን «ይሄ ምንድን ነው?» እያላችሁ በየቀኑ አትፈትኗት፤ የምትጠየቀው ሁልጊዜ ከምታውቀው ትንሽ ከፍ ያለውን ይሁን። መናገር ላልጀመረ የአንድ ዓመት ልጅ ደግሞ ጥያቄው «ፍየሏ የታለች?» ነው፤ መልሱን በጣቱ ይሰጣል። ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ «እኛስ ፍየል የት አየን?» ወደሚለው ትሄዳላችሁ፤ ከገጹ ወጥቶ የራሱን ቀን መተረክ ይጀምራል።

ስህተት መግባቱን ከልጁ ገላ ታውቃላችሁ። ፊቱን ካዞረ፣ መጽሐፉን ከዘጋ፣ ከጭናችሁ ከተንሸራተተ ወይ ጥያቄ በዝቶበታል ወይ ደክሞታል። እዚያው አቁሙ፤ መጽሐፍ የቅጣት ሰዓት እንዳይመስለው። ለአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሦስትና አራት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ሦስት ዓመት ሲጠጋ አሥር ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ያንኑ መጽሐፍ ለመቶኛ ጊዜ ካመጣ ደግሞ አትሰልቹ። ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ያንኑ ታሪክ ደጋግመው የሰሙ የሦስት ዓመት ልጆች፣ ያንኑ አዲስ ቃል በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ከሰሙት ይልቅ ቃሉን አጥብቀው ይዘውታል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ ባለ ስምንት ገጽ መጽሐፍ ብቻ መኖሩ ለጥቂት ሳምንታት ድህነት አይደለም።

ይህ ንባብ የማይሠራውንም እወቁ። ፊደል አያስቆጥርም፤ በዚህ ዕድሜ አይፈለግምም። ልጁ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት በጣቱ የማይጠቁም፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያገጣጥም ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ ጨምሩለት አልላችሁም፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጆሮውን አስመርምሩለት።

ገጹ ላይ ጽሑፍ ስለሌለ ማንበብ የማይችሉት አያት ከመምህሩ እኩል ያነቡታል፤ ምናልባትም ጥሩ አድርገው፣ መልስ መጠበቁን ያውቁበታልና። በአንድ ግቢ እናት በሶማሊኛ፣ ጎረቤት በአማርኛ፣ አያት በአፋን ኦሮሞ በአንዱ ዝሆን ላይ ቢያወሩ ልጁ አይደናገርም፤ ሁሉም በሚቀናው ቋንቋ ያውራ። አባቶች፣ «የእናት ሥራ ነው» አትበሉ፤ ከጫት በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት ትበቃለች። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ታላላቆችም ካሳየናቸው ይህን መሥራት ይችላሉ።

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አንገብግቧቸው ወደ አገር ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም አዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። የእሳቸው ዘመን ድርሻውን ተወጣ። ያ ሁሉ ግን በአመዛኙ ለሚያነብ ልጅ ነው። ገና የሚያኝከው ልጅ የእኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ጫማ የምትሸጡ ነጋዴዎች ባዶ ካርቶን አታቃጥሉ፣ ለጠየቃችሁ ስጡ። ፎቶ ቤት ያላችሁ ለአንድ መጽሐፍ የሚሆን ስምንት ፎቶ በወረቀቱ ዋጋ አትሙልን። የሥዕል እጅ ያላችሁ መምህራን አንድ ግመል፣ አንድ ዝሆን፣ አንድ ባጃጅ ሳሉና ኮፒ ተደርጎ ይባዛ። አራት አራት ቤት እየሆንን አራት መጽሐፍ እንሥራ፤ እያንዳንዱ በአንድ ቤት ሦስት ሳምንት ይቆይ፣ ሲዛወር በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ይሂድ፣ ስኮቹ የተላጠበት ቤት ይጠግነው። በወረዳችን ቆሎጂ መጠለያ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። እዚያም ድክ ድክ የሚሉ ልጆች አሉ፤ አራቱ ቤት ሲሠራ አምስተኛ መጽሐፍ ይሥራ፣ እሱ ወደ ቆሎጂ ይሂድ። ለእሱ ከድንኳን ደጅ የሚታየውን ሳሉበት፦ ጀሪካን፣ ፍየል፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ጨረቃ። ዱቄቱ ዓርብ ማታ ይብሰል፤ ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን ይዛችሁ ከአራቱ ቤት ወደ አንዱ ኑ።